ለእትዬ የተጻፈ ጎርፍ

ሬዲዮ ጣቢያው ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። «ጋሽ ጭጭ» ነው የሚሉት። ቅጽል ስሙን ያወጣለት የድምፅ ባለሙያው ነው። ሰውየው በሚጽፋቸው ድራማዎች ሁሉ፣ በየገጹ ግራ ጠርዝ ላይ፣ «ጭጭ» የምትል ቃል አትጠፋም። ባልና ሚስት ይጣላሉ፣ ጭጭ። በር ይዘጋል፣ ጭጭ። «ሌላው ደራሲ ብዙ ባወራ ነው የሚመሰገነው፣ የኛው ጉድ ግን ዝም ባስባለ!» እያለ ያሾፍበታል። የድምፅ ባለሙያውን ራሱን ደግሞ ኳኳታ ይሉታል፤ ለምን እንደሆነ መንገር አያስፈልግም።

ጋሽ ጭጭ ጣቢያው የገባው በተዋናይነት ነበር። ጢም ሳያበቅል የሽማግሌ ድምፅ ነበረው፤ ገና ጎረምሳ ሳለ ስንቱን አያት ተጫውቶ ስንቱን ኑዛዜ ተናዟል። እውነተኛው እርጅና ሲመጣ ግን ድምፁ ቀጠነና አረፈው። እንግዲህ ምን ይደረግ፣ ከማይክሮፎኑ ፊት ተነስቶ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ የቅዳሜ ከሰዓቱን ተከታታይ ድራማ የሚጽፈው እሱ ነው። ቀጭን፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ሰው ነው። ተቆጥቶ ያየው ሰው ካለ ቢመጣና ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

ይህ ሰው በዓለም ላይ የሚፈራት አንዲት ሴት አለች፤ ታላቅ እህቱ። «እትዬ» ነው የሚላት። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ድክ ድክ የሚል ነበር፤ አጥባ፣ አብልታ፣ ጆሮውን ጎትታ ያሳደገችው እሷ ናት። ዛሬ ፀጉሩ ገብስማ ሆኖ እንኳ ቤቷ ሲገባ ኮሌታውን ሳታስተካክልለት አትቀመጥም። ባሏን ከቀበረች ቆይታለች፤ እግዜር ልጅ አልሰጣትም። ያላት ነገር ከባሏ ጋር ድንጋይ በድንጋይ ያቆመችው ቤት ነው። ያ ቤት ያለው ደግሞ ታችኛው ሰፈር፣ ወንዙ ዳር ነው።

ወንዙ ድሮ ጨዋ ነበር። አሁን ግን ላይኛው በኩል ዛፉ አለቀ፣ ዳርና ዳሩን አሸዋ የሚዝቁ ሰዎች ቦረቦሩት፣ ድልድዩ ስር ቆሻሻ ተከመረ። ባለፈው ክረምት ውሃው እስከ እትዬ አጥር መጥቶ ተመለሰ። ዘንድሮ አይመለስም ብለው የሚያውቁ ሰዎች ተናግረዋል። ማዘጋጃ ቤቱም ልቀቁ ብሎ ወረቀት ለጠፈ። ወረቀቱን ዝናብ አጠበው፤ የለቀቀ ሰው ግን አልነበረም።

ጋሽ ጭጭ ለመናት። ባለቤቱ የኋላውን ክፍል አጽድታ፣ አልጋ ዘርግታ፣ መጋረጃ ሰቅላ ጠበቀቻት። እትዬ ወይ ፍንክች! «አንተን ብዬ ነው ቤቴን የምለቀው? ንፍጥህን የጠረግኩት እኔ!» አለችው። ክርክሩ በዚሁ አለቀ።

ታዲያ አንድ ነገር አለ። እትዬ ወንድሟን አትሰማም፤ ሬዲዮን ግን ትሰማለች። ውሃ አፍልተሽ ጠጪ ብሎ ስንት ዓመት ሲለፈልፍ «ሆዴ ለምዶታል» እያለች አላገጠችበት። አንድ ቅዳሜ የድራማው አዋላጅ ነርስ ውሃ አፍሉ ስትል ሰማች፤ በነጋታው ውሃ ማፍላት ብቻ ሳይሆን ያላፈላ ጎረቤት ላይ መቆጣት ጀመረች። «ነርሷ ብላለች» ነው የምትለው። ነርሷን የጻፋት ያው ንፍጣሙ መሆኑን ታውቃለች። ግን ምን ያደርጋል፣ ለእትዬ በሬዲዮ ያለፈ ነገር ሌላ ነው፤ ጸድቋል።

ስለዚህ ጋሽ ጭጭ ለአንድ ሰው ጆሮ አንድ ጎርፍ ለመጻፍ ቆረጠ። ሰኔ ሳይጋመስ መተላለፍ አለበት። ሰምታ፣ ደንግጣ፣ ጓዟን ጠቅልላ መውጣት አለባት። ለድራማው አዘጋጅ ለሆነችው ሴት ግን ይህን አልነገራትም፤ «ወቅታዊ ጉዳይ ነው» አለና አስፈቀደ።

ጎርፍ ቤቱ ገብቶ የሚያውቅ ሰው ፍለጋ ወጣ። አውቶቡስ የሚጠብቅበት ጥግ ላይ ያለችው ልብስ ሰፊ፣ ከሌላ ወንዝ ዳር ተፈናቅላ የመጣች መሆኗን ሰምቶ ነበር። ሱሪ ላሳጥር ብሎ ገባና ዙሪያ ጥምጥም ሲዞር ቆይቶ ጠየቃት።

«ድምፁ እንዴት ነበር?»

«የምኑ?»

«የጎርፉ። ያን ሌሊት።»

ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን አቆመች። «ድምፅ የለውም እኮ ጋሼ።»

«እንዴት የለውም?»

«ሰፈራችን ሜዳ ነዋ። ገደል ላይ ቢሆን ይጮህ ይሆናል። እኛ ጋ ግን ባልዲ እንደሚሞላ ነው የሞላው፣ ዝም ብሎ። ዝናቡ እንኳ አባርቶ ነበር። ለካ ላይ ነው የዘነበው! ልጄ ሽንቷ መጥቶ ተነስታ ጫማዬ የለም አለችኝ። ተኝተሽ ነው የምታወሪው ብዬ ተቆጣኋት። ከዚያ እግሬን አወረድኩ።» ክሩን በጥርሷ ቆረጠች። «ጎረቤታችን አንድ አዛውንት ነበሩ። ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት። ግድግዳውን ይመቱ ነበር፣ በከዘራቸው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ተዉት» አለችና የመኪናዋን መዘውር አዞረች። ሱሪውን ስትጨርስ «ይጻፉት ጋሼ፤ ሰው ከወጣበት» አለችው።

የእትዬም ሰፈር እንደ እጅ መዳፍ ሜዳ ነው። ጋሽ ጭጭ ቤቱ ገብቶ በሩን ዘጋ።

አሁን እንግዲህ የሥራውን ነገር ላውራችሁ፤ ከውጭ ሲያዩት ቀላል ይመስላልና። ውሃ ማይክሮፎን ፊት አታላይ ነው። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ውሃ ሲወርድ በሬዲዮ ብትሰሙ፣ ሽንኩርት እየተጠበሰ ነው ትላላችሁ። ወይ ጭብጨባ ነው፣ ወይ ጣቢያው አልያዘም ትላላችሁ። ውሃ ውሃ የሚሆነው የሚነካው ነገር ሲያገኝ ነው፤ እግር፣ በር፣ ድስት፣ ባዶ ጀሪካን። ስለዚህ ጋሽ ጭጭ በመጀመሪያው ገጽ ውሃ የሚባል ነገር አላስገባም። ደረቅ ክፍል ሠራ። የግድግዳ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ይላል። የላስቲክ ጫማ ሲሚንቶ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። አልጋ ይንቋቋል፣ እናት ልጇን ታባብላለች። ከግድግዳው ወዲያ ሽማግሌው ያስላሉ። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ይወርዳል። አድማጩ ይህን ክፍል በጆሮው ገብቶ መቀመጥ አለበት፤ በኋላ እያንዳንዱ ድምፅ ሲለወጥ የሚያውቀው ያኔ ነው።

ከዚያ ዝናቡን አቆመው። «እሰይ፣ አባራ» ትላለች እናት። እንቁራሪቶች ይጮኻሉ። እንቁራሪቶቹ አንድ በአንድ ያቆማሉ። ሰዓቱ ብቻ ይቀራል።

«እማዬ፣ ጫማዬ የለም።»

«ከአልጋው ስር ነው፣ በእግርሽ ፈልጊው።»

«የለም እኮ። እማዬ… ወለሉ ቀዘቀዘኝ።»

አንድ እርምጃ፤ ጭብ።

በቃ። ጎርፍ መጣ የሚል ሰው የለም። «እዪ፣ ውሃው እየገባ ነው!» የሚባለው ዓይነት አነጋገር ለጋሽ ጭጭ ወንጀል ነው። ውሃ ውስጥ ለቆመ ሰው ውሃ ውስጥ ነህ የሚለው ማን ነው? ጨለማው ደግሞ ረዳው። ጨለማ ውስጥ ሰዎቹ ራሳቸው ዓይን የላቸውም፤ ስለዚህ «የት ነሽ?» «ይኸው እጄ» «ጠረጴዛው ወዴት ሄደ?» ቢሉ የወግ ነው፣ ለአድማጭ ብለው ያወሩት አይመስልም። ሰዎቹንም ሦስት ብቻ አደረጋቸው፤ እናት፣ ትንሽ ልጅ፣ ሽማግሌ። በጨለማ ከዚያ በላይ ድምፅ ቢጨመር አድማጭ ማን ማን እንደሆነ ይምታታበታል።

የውሃውን ከፍታ በእግር ለካው። ቁርጭምጭሚት ላይ ሲሆን ጭብ ጭብ ይላል። ጉልበት ሲደርስ ጭብ ማለቱ ቀርቶ መጎተት ይሆናል፤ ሿ… ሿ። ወገብ ሲደርስ የእግር ድምፅ የሚባል የለም። ትንፋሽ ብቻ ነው፣ የሚያጥር ትንፋሽ፣ ጥርስም ይንገጫገጫል። ባዶ ጀሪካን ተንሳፍፎ ግድግዳውን ዷ ያደርጋል። እናት በሩን ትገፋለች። በር ሲገፋ ይንኳኳል አይደል? ውሃ የተደገፈው በር ግን አይንኳኳም፤ ትከሻዋ ሲያርፍበት ድፍ ብሎ ይቀራል። ልጇን ቁም ሳጥን ላይ ትሰቅላታለች። ያኔ የልጅቱ ድምፅ ከላይ፣ የእናትየው ከታች ይመጣል፤ ማን እንደተረፈ፣ ማን እንዳልተረፈ አድማጭ በዚያ ያውቃል።

በዚህ ሁሉ መሐል ሽማግሌው በከዘራቸው ግድግዳውን ይመታሉ። እናት በቡጢዋ ትመልሳለች። ይመታሉ፣ ትመልሳለች። መጨረሻ ላይ እሷ ትመታለች። መልስ የለም። ደግማ ትመታለች። ጭጭ።

ለባለቤቱ አነበበላት። ምስኪን፣ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ሲጨርስ ቀና ቢል፣ ሁለት እግሯን ከወለሉ አንስታ ወንበሩ ላይ አጣጥፋ ተቀምጣለች። «እትዬ ይህን ሰምታ እዚያ ካደረች እኔ ምንም አላውቅም» አለችው። ደስ አለው።

በቀረጻው ቀን ስቱዲዮው መታጠቢያ ቤት መሰለ። ኳኳታ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ትልቅ ሳፋ ውስጥ ገባ። ሽማግሌውን የሚጫወተው ሰው ጥግ ላይ ብርድ ልብስ ተጋርዶበት ፊቱን ፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ ከቶ ይናገራል፤ ከግድግዳ ወዲያ ያለ እንዲመስል። ልጅቱን የምትጫወተው ተዋናይት ቁም ሳጥን ላይ ስትወጣ በርጩማ ላይ ትቆማለች። እናትየው ማይክሮፎኑን ሽቅብ እያየች ትናገራለች። ሲያልቅ ኳኳታ ከሳፋው ሳይወጣ ቆሞ ቀረ፤ እንዲህ ሆኖ አይታወቅም።

አዘጋጇ ግን ሥራዋን የምታውቅ ሴት ናት። በዕድሜ የእሱ ልጅ ብትሆንም አትሸወድም። የተቀረጸውን ይዛ በምሳ ሰዓት ወደ ሠራተኛው ክበብ ወረደች። በግቢው ብቻ በሚሰማ የሙከራ ሞገድ፣ ባንኮኒው ላይ ባለችው ትንሽ ሬዲዮ እንዲለቁት አደረገች፤ ጋሽ ጭጭንም አጠገቧ አስቀመጠችው። ሳህን ይንኳኳል፣ ዘይት ይጮኻል፣ ሰው ያወራል። ደረቁ ክፍል አለፈ፤ ዞር ያለ ሰው የለም። እንቁራሪቶቹ ዝም ሲሉ፣ ያቺ ስንት ሌሊት የተጨነቀባት ቦታ ስትደርስ፣ አስተናጋጇ መጥታ ሬዲዮውን በመዳፏ ቧ አደረገችው።

«ባትሪው አልቋል መሰለኝ» አለችና ሌላ ጣቢያ ቀየረች።

ኳኳታ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ወጣ። ጋሽ ጭጭም አፉን በእጁ ሸፈነ፤ ሆዱ ግን አልሳቀም።

«አየህ ጋሼ?» አለች አዘጋጇ። «እኔና አንተ በጥሩ ማዳመጫ፣ በተዘጋ ክፍል ነው የሰማነው። ሕዝቡ ግን እንዲህ ነው የሚሰማን። ታክሲ ውስጥ፣ ማጀት ውስጥ። ያንተ ጭጭ አይደርስለትም። ደግሞ ዝምታው ከበዛ ማሰራጫው ጣቢያው ተቋረጠ ብሎ በራሱ ሙዚቃ ያስገባል፤ ታውቀዋለህ።»

«ታዲያ ምን ይሁን?»

«ጎርፉ ይምጣ! ከሩቅ ያግሳ። ሰው ማንኪያውን ጥሎ ዞር እንዲል።»

«ጎርፍ ያፈናቀላት ልብስ ሰፊ ግን ድምፅ የለውም ነው ያለችኝ። ሜዳ ላይ ዝም ብሎ ነው የሚሞላው።»

«እሷ አይታዋለች፤ አድማጭ አላየውም። እሺ፣ አንተ ለምንድነው የጻፍከው? እንዲያደንቁህ ነው ወይስ እንዲፈሩ?»

ልክ ናት። የአስተናጋጇ መዳፍ ሬዲዮው ላይ ሲያርፍ በዓይኑ አይቷል። እትዬም የምትሰማው ወጥ እያማሰለች ነው። ጆሮዋም እንደ ድሮው አይደለም። ያቺ ቀጭኗ ጭብ ብታመልጣት ምን ቀረ? ያገሳ፣ ትደንግጥ፣ ትውጣ፤ ከወጣች ሌላው ምን ገዶኝ አለ። ብዕሩን አወጣና እንቁራሪቶቹን ሰረዘ። በቦታቸው በገዛ እጁ ጻፈ፦ «ከሩቅ የጎርፍ ግሳት። እየቀረበ ይመጣል። ሰዎች፦ መጣ! መጣ!»

ለኳኳታ ሠርጉ ሆነ። ጠጠር የሞላ በርሜል አንከባለለ፣ ቆርቆሮ ነቀነቀ፣ የቧንቧ ውሃ ቀርጾ አዘግይቶ አጫወተ፣ ማሰሮ ውስጥ አፉን ከቶ ራሱ አጉረመረመ። አንዱን በአንዱ ላይ ደረበው። የወጣው ነገር፣ እናንተዬ፣ ምድር የተከፈለች ነው የሚመስለው። ክበብ ወርደው ሲያጫውቱት አስተናጋጇ ትሪዋን አስቀምጣ በደረቷ አማተበች። ጋሽ ጭጭን ራሱን ክንዱን ወረረው። የግድግዳው ምት፣ በሩ፣ ቁም ሳጥኑ፣ ሁሉም አለ፤ ግን ከግሳቱ በኋላ የመጣ ሁሉ ጭራው ነው የሆነው።

ቅዳሜ ተላለፈ። ገና የመዝጊያው ሙዚቃ ሳያልቅ ስልኩ ጮኸ።

«አንተ!» አለች እትዬ፤ አልቅሳለች። «አንተ ልጅ፣ ገደልከኝ እኮ! እኚያ ሽማግሌ! ያ ድምፅ! ምን ዓይነት ድምፅ ነው እሱ? መንደሩ በሙሉ ነው ውጭ የወጣው።»

«ሰማሽ?»

«ምን ሰማሽ ይለኛል! ቆርጫለሁ። ከእንግዲህ በቃኝ፣ ቆርጫለሁ።»

ለባለቤቱ በእጁ ጠቀሳት፤ ሮጣ መጣች። «ተመስገን እትዬ። መቼ ልምጣ? መኪና ይዤ ልምጣ?»

«የምን መኪና?»

«ዕቃሽን ልናወጣ ነዋ።»

«የምን ዕቃ ማውጣት ነው? ያ ድምፅ ሲሰማ ልወጣ ነዋ የቆረጥኩት! አንድ ደቂቃ አልቆይም። ጫማዬን በሩ ስር አስቀምጫለሁ፣ ሻንጣዬ ዝግጁ ነው። ተራም አውጥተናል፤ በየሌሊቱ አንድ አንድ ሰው ነቅቶ ያዳምጣል። ሲያገሳ ፊሽካ ይነፋል። ሰፈሩ ያመሰግንሃል፣ እወቅ!»

ጋሽ ጭጭ ስልኩን ዘጋ። ባለቤቱ «ምን አለች?» ብትለው «ግሳቱን ልትጠብቅ ነው» አላት።

ሰኞ ጠዋት ወደ አዘጋጇ ክፍል በሩን ሳያንኳኳ ገባ። ይስተካከል፣ ደግመን እንሥራው፣ ዝም ብሎ እንደሚመጣ ሌላ ትዕይንት ልጻፍ አለ። አዘጋጇ ደነገጠች፤ ክፉ ሴት አይደለችም። ግን የሚቀጥሉት ክፍሎች ተቀርጸው አልቀዋል፣ ታሪኩ ወደ ሌላ ሄዷል፣ ስቱዲዮውም ተይዟል። ያደረገችው የምትችለውን ነው፤ በማስታወቂያዎች መሐል ዜና አንባቢው «ጎርፍ ያለ ምንም ድምፅ ሊመጣ ስለሚችል ነዋሪዎች ቀድመው እንዲለቁ» ብሎ እንዲያነብ አስደረገች። ሳምንቱን ሙሉ ተነበበ። ጋሽ ጭጭ ለእትዬ ደውሎ ሰማሽ ወይ አላት።

«አዎ፣ የሆነ ማስታወቂያ ነገር ነበር» አለችው። «ያኔ ድስት ላወጣ ሄጄ…»

እንግዲህ ድራማ የሚባል ነገር የሚጻፈው ማስታወቂያ ሲነበብ ሰው ድስት ሊያወጣ ስለሚሄድ አይደል! ጋሽ ጭጭ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ኮቱን ለበሰና ታችኛው ሰፈር ወረደ።

ከሰዓት ነበር። እትዬ ደጅ ሰው ተሰብስቦ ጠበቀው። የተራው አለቃ፣ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር፣ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ እጁን በሁለት እጁ ጨበጠው። «ደራሲያችን! አንተ ባትኖር ተኝተን እንዳለን ነበር የሚወስደን።»

«ስሙኝማ» አለ ጋሽ ጭጭ። «አያገሳም። ሜዳ ላይ ያለ ድምፅ ነው የሚሞላው። እግራችሁ ካልረጠበ አታውቁትም። አሁን ነው መውጣት።»

ተያዩ። «ታዲያ በሬዲዮ ለምን አገሳ?» አለ ሾፌሩ።

«በርሜል ነው። በርሜል ውስጥ ያለ ጠጠር ነው። ቆርቆሮ ነው!»

መጀመሪያ አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም። እየቀለደ መስሏቸው ነው። ሾፌሩ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በወንዝ መሐል መኪና ያሻገርኩ ሰው ነኝ። ከተራራ ሲወርድ ሰምቼዋለሁ፤ ያገሳል! ቁርጥ ያንተን ነው የሚመስለው።» ዋሸ አይባልም፤ ተራራ ላይ ያገሳል። ጋሽ ጭጭ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸ። «ውሸት ነው! ውሸት ነው የጻፍኩት!» አለ። ድምፁ ተሰነጠቀ፤ የጎረቤት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ፣ አንዷ ውሃ ልታመጣለት ሄደች። ምስኪን፣ ሥራ በዝቶበት ነው ሲሉ ሰማቸው።

እትዬ ክንዱን ይዛ አስገባችው። ቤቷን አሳየችው፤ እህሉን ጣራው ሥር ሰቅላዋለች፣ የባሏን ፎቶ ቁም ሳጥን ላይ አውጥታዋለች፣ ጫማዋ በሩ ስር ጥንድ ሆኖ ተቀምጧል። ከድራማው የተማረችውን ሁሉ አንድ ሳታስቀር አድርጋለች። ጫማውን ሲያይ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ መጀመሪያ የጻፍኩት ዝም ብሎ ነበር። እውነተኛው እሱ ነበር። አይሰማም ብለው፣ እኔም ትፈሪልኝ ብዬ ለወጥኩት።»

«እኔ እኮ ሰምቼዋለሁ» አለችው፤ በትዕግሥት ነው፣ ለልጅ እንደሚነገር። «ፀጉሬ ነው የቆመው። የሌለ ነገር ፀጉር ያቆማል?»

«ያቆማል። ሥራዬ ነው።»

«እሺ፣ አንተ እንዳልከው ዝም ብሎ ቢመጣ፣ ምን ሰምቼ ነው የምነሳው?»

ዕድሜውን ሙሉ ለድምፅ የኖረ ሰው፣ እህቱን ከእንቅልፏ የሚያስነሳ አንድ ድምፅ ፈለገ። «ምንም» አላት። «ምንም አትሰሚም። ለዚህ ነው ዛሬ ከኔ ጋር ነይ የምልሽ። እባክሽ። እግርሽ ላይ ልውደቅ።»

እውነትም ሊወድቅ ጎንበስ ሲል ይዛ አነሳችው። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ ግን ለእሱ ነው እንጂ ለራሷ አይደለም። «ምንም ሳልሰማ ቤቴን ልልቀቅ?» አለች። ኮሌታውን ገልብጣ አስተካከለችለት። «አይዞህ የኔ ጌታ። ድሮም ፈሪ ነበርክ። እንቅልፌ እኮ ቀላል ነው፣ ታውቃለህ፤ አንተ በልጅነትህ ስትገላበጥ እንኳ እነቃ ነበር።»

አንድ ሰዓት ሙሉ ለመናት፤ ተቆጣት፣ አለቀሰባት፣ አባበላት። ሊመሽ ሲል ሾፌሩ የመጨረሻው ታክሲ እንዳያመልጠው ብሎ ራሱ ይዞለት መጣ። ከላይ፣ ከኮረብቶቹ ማዶ፣ ሰማዩ ጠቁሯል፤ እዚህ ግን ገና ጠብታ አልወረደም። እትዬ እስከ ታክሲው በር ሸኘችው፣ በመስኮቱ እጇን አስገብታ ጉንጩን ያዘችው።

«አንተ ሙት» አለችው፤ በእሱ ምላ የዋሸችበት ቀን የለም። «አንተ ሙት፣ ሲያገሳ አንድ ደቂቃ አልቆይም።»